የሠልጣኝ የመማር ግብ በመጀመሪያው ሳምንት

የሒሳብ ሠልጣኞች ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለትብብር ሥልጠና ወደ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ሲላኩ፣ ይዘውት የሚመጡት ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሙያውን ስምና የቆይታውን ጊዜ ብቻ ይገልጻል። ሠልጣኙ በዚያ አጥቢያ በትክክል ምን እንደሚማር የሚወሰነው ከሒሳብ ሹሙ ጋር በሚደረግ ስምምነት ነው። ይህ ስምምነት በመጀመሪያው ሳምንት ካልተጻፈ ሠልጣኙ ደረሰኝ ሲደረድርና ፎቶ ኮፒ ሲያነሣ ጊዜው ያልቅበታል።

ለአብነት ያህል፣ በመጋቢት አጋማሽ ለስምንት ሳምንት የመጣች አንዲት ሠልጣኝ አለች እንበል። ተቆጣጣሪዋ የአጥቢያው ሒሳብ ሹም የሆኑ ቀሲስ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ግብ መጻፍ አያስፈልጋትም። የገቢ ደረሰኙን፣ የወጪ ማዘዣውንና የባንክ መዝገቡን ትመለከታለች፤ ገንዘብ መቼ እንደሚቆጠርና ሪፖርት ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት መቼ እንደሚላክ ትጠይቃለች። በሦስተኛው ቀን ረቂቋን በአንድ ገጽ ትጽፋለች።

የብዙዎች የመጀመሪያ ረቂቅ «የቤተ ክርስቲያኒቱን የሒሳብ አሠራር ማወቅ» የሚል ነው። ይህ ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም ብሎ መፍረድ አይቻልም። ቀሲስ መጠየቅ የሚገባቸው፣ «ልጄ፣ በመጨረሻ ብቻሽን ምን ሠርተሽ ታሳዪኛለሽ?» ብለው ነው። ከዚህ ጥያቄ በኋላ ግቡ እንዲህ ይሆናል፦ «እስከ ስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ የመጋቢት ወርን የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ያለ ረዳት አዘጋጅቼ የልዩነቱን ምክንያት በጽሑፍ አስረዳለሁ።»

ማስታረቂያው ለዚህ የተመረጠው ውጤቱ ራሱን ስለሚመሰክር ነው። የአጥቢያው መዝገብ 46,900 ብር፣ የባንኩ መግለጫ ደግሞ 52,350 ብር ቀሪ ያሳያሉ እንበል። ሠልጣኟ ስትመረምር የ4,000 ብር ቼክ ተጽፎ ገና እንዳልተመነዘረ፣ አንድ ምእመን 1,500 ብር በቀጥታ ወደ ባንክ አስገብቶ በመዝገብ እንዳልሠፈረ፣ ባንኩም 50 ብር የአገልግሎት ክፍያ እንደቀነሰ ታገኛለች። ከባንኩ ቀሪ 4,000 ሲቀነስ፣ በመዝገቡ ቀሪ ላይም 1,500 ተደምሮ 50 ሲቀነስ ሁለቱም 48,350 ብር ይሆናሉ። ካልገጠሙ ሥራው አልተጠናቀቀም።

እዚህ ላይ አዲስ ሠልጣኝን የሚያደናቅፍ ነገር አለ። የአጥቢያው መዝገብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሠራ የባንኩ መግለጫ በፈረንጅ አቆጣጠር ከወጣ፣ የመጋቢት ወር መግለጫ ማለት ከማርች 10 እስከ ኤፕሪል 8 ያለው ነው። የማርችን ወር ብቻ ጠይቆ ያመጣ ሰው ቀሪውን የሚያነጻጽረው ከተሳሳተ ቀን ጋር ነው። ስለዚህ የተቆጣጣሪው ድርሻም በዚያው ገጽ ላይ ይጻፋል፤ ይኸውም የየካቲትን ማስታረቂያ አብረዋት ሠርተው ማሳየት፣ መግለጫውን ከባንክ ማስመጣት፣ በየሳምንቱ ዓርብ ሃያ ደቂቃ መስጠት ነው። ሰሙነ ሕማማት በመካከል የሚውል ከሆነ ያ ሳምንት ከቆጠራው ይውጣ፤ በዚያ ሳምንት የሚሰጥ ቀጠሮ መፈጸሙ ያጠራጥራል።

ስምምነት ሲባል ተቆጣጣሪው ሁሉን እሺ ይላል ማለት አይደለም። ሠልጣኟ «የሙዳየ ምጽዋት ገንዘብ መቁጠርና መረከብ» ብላ ጽፋ ከሆነ ቀሲስ መረከቡን መከልከል ይገባቸዋል፤ ለጥሬ ገንዘቡ ተጠያቂ የሆነ ገንዘብ ያዥ አለና። በምትኩ ቆጠራው ሲካሄድ ተገኝታ ትመለከታለች፤ ቆጣሪዎቹ ከፈረሙበት ቃለ ጉባኤ ላይ ገቢውን በልምምድ ወረቀት ትመዘግባለች፤ ኦርጅናሉን መዝገብ ግን አትነካም። የስእለት ሰጪዎችን ስም ለማንም እንዳትናገርም ይጻፋል። ክልከላው በቃል ብቻ ከቀረ፣ የኮሌጁ መምህር ለክትትል ሲመጡ ሠልጣኟ ሥራ እንደጎደላት ተደርጎ ሊቆጠርባት ይችላል።

በእኔ አስተያየት ለስምንት ሳምንት እንዲህ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ግቦች ይበቃሉ። ዓርብ ዕለት ሁለቱ ፈርመው አንዱ ቅጂ ለሠልጣኟ፣ አንዱ ለጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ ለኮሌጁ ይሰጣል። ተቆጣጣሪው አንዲት ቃል እንኳ ሳይለውጡ ከፈረሙ አላነበቡት ይሆናልና ሠልጣኟ በአክብሮት፣ «አባ፣ የመጀመሪያውን ማስታረቂያ የምንሠራው በየትኛው ቀን ነው?» ብላ ትጠይቅ። ሦስተኛው ሳምንት አልቆ የባንክ መዝገቡን ገና ካልገለጠች ስምምነቱ በተግባር ፈርሷል። ያን ጊዜ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ባሉበት ሁለቱ ተቀምጠው ቀኖቹን ያስተካክላሉ፤ የማይደረስበት ግብ ካለ ምክንያቱ ተጽፎ ይሰረዛል፤ በሁሉም ቅጂዎች ላይ ከስረዛው አጠገብ ሁለቱም ይፈርማሉ።