የተበላሸ ዕቃ ሲመለስ፦ ገንዘቡ፣ ልዋጩ ወይስ ሱቅ የሚቀር ሒሳብ?

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም እንግዳ አይደለም። ሕጉ ግን ሌላ ነው የሚለው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል።

«ገንዘቡ ይያዝልዎትና ሌላ ዕቃ ይውሰዱበት» የሚለው ሦስተኛ መንገድ በዚህ ድንጋጌ ውስጥ አልተጠቀሰም። የተበላሸ ዕቃ የመለሰ ገዢ ካልፈለገ ሊቀበለው አይገደድም። ደህናውን ዕቃ ቀለሙን ስላልወደደው ወይም ልኩ ስላልሆነው ለሚመልስ ግን ነገሩ በሻጩ ፈቃድ ላይ ያደረ ነው።

የትኛው እንደሚያዋጣ የሚለየው በአብዛኛው የዋጋ ንረት ነው። አንድ የቡራዩ ነዋሪ መርካቶ ወርዶ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ6,000 ብር ገዛ እንበል። በአሥረኛው ቀን የምጣዱ አንድ ጎን አልግል አለ፤ የዚያው ምጣድ ዋጋ ደግሞ 6,600 ደርሷል። ገንዘቡን ቢቀበል ያንኑ ምጣድ ለመግዛት 600 ብር ይጎድለዋል። ቢለወጥለት ግን የዋጋው ጭማሪ አይነካውም። ስለዚህ ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ልዋጭ ይሻላል፤ አዲሱን ሱቁ ውስጥ አሰክቶ፣ ዙሪያውን እኩል መጋሉን አይቶ መውሰድ ነው። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ከሆነ ችግሩ የዕቃው አሠራር ነው፤ ያኔ ገንዘብን ተቀብሎ ሌላ ዓይነት መፈለግ ደጋግሞ መርካቶ ከመመላለስ ያድናል።

በቴሌብር ወይም በባንክ የተከፈለ ገንዘብ ወደተላከበት ቁጥር ወይም ሒሳብ ቢመለስ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይቀራል። በጥሬ ገንዘብ የከፈለ ሰው ዋናው መከራከሪያው ደረሰኙ ነው።

ሱቅ የሚቀር ሒሳብ የሚያዋጣው ገዢው አዘውትሮ ከሚገዛበት የሰፈሩ ሱቅ በቅርቡ የሚወስደው ዕቃ ካለ ነው። ያኔም የብሩን መጠን ብቻ ማስጻፍ አይበቃም፤ ቆይቶ ሲመጣ ዋጋው ጨምሮ ይጠብቀዋል። የሚወስደውን ዕቃና የዛሬውን ዋጋ በማኅተም አስጽፎ መያዝ አለበት። ሱቁ ከተዘጋ ግን ወረቀቱ ብዙም አያስጥልም።

ሻጩ እምቢ ካለ አቤቱታው የሚቀርበው ሱቁ ባለበት አካባቢ ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ የመርካቶው ሻጭ ጉዳይ ግን የሚታየው አዲስ አበባ ነው። ቡራዩ ላይ ማመልከቻ እያስገቡ ቀን ማቃጠል 15ቱን ቀን ያሳልፋልና፣ ጥያቄውን አስቀድሞ ለሻጩ በጽሑፍ ሰጥቶ ቅጂውን ማስቀረት ይበጃል።