ቀናተኛን በባዕድ ቋንቋ ማባበል

ፍራንክፈርት የምትኖር ሐበሻ ከድሮ የክፍል ጓደኛዋ ጋር በስልክ ስትሳሳቅ አመሸች እንበል። ጀርመናዊ ባሏ ቀናም፣ ቅርም አለው። በአማርኛ ቢሆን ለስለስ ያለ ድምፅና «የኔ ጌታ» ማለት ግማሹን ሥራ ይሠሩላት ነበር። በጀርመንኛ ግን ቶሎ አፏ ላይ የሚመጣው «ምንም የለም፣ ተረጋጋ» ነው፤ እሱ ጆሮ ሲደርስ ትእዛዝ ይመስላል። ማስረጃ መደርደሩም ሙግት ይከፍታል።

ስሜቱን ብታስቀድም ይሻላል፦ «ብቻህን ስለተውኩህ ከፋህ አይደል?» መልሱን ሳታቋርጥ ትስማው። እውነቱን ከዚያ በኋላ ባጭሩ ትንገረው፦ «አብሮኝ የተማረ ነው፤ የምወደው አንተን ነው።» ቃል ሲጠፋት ደግሞ (መጥፋቱ አይቀርም) ዝም ካለች ኩርፊያ ይመስለዋል፤ «ቋንቋው እያስቸገረኝ ነው፣ ትንሽ ታገሠኝ» ትበለው። ረጋ ብሎ መጠየቅ ከጀመረ ልቡ እየተመለሰ ነው። ስልክሽን አምጪ፣ ጓደኛሽን ተዪ ካለ ግን ይህ ቁጥጥር ነው፤ በማባበል አይፈታም።