የሞገዱን ጫፍ መከርከም

በሞባይል ኔትወርክ ማማ ላይ ከአንቴናው ኋላ የሚሰቀለውን ሳጥን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ ጀርባው ከላይ እስከ ታች በብረት ክንፎች የተሸነሸነ መሆኑን ያስተውላል። ክንፎቹ ሙቀት ማስወጫ ናቸው። ውስጥ ያለው ማጉያ፣ ማለትም አምፕሊፋየሩ፣ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ወደ አየር የሚልከው ከፊሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በክንፎቹ ይወጣል። ለዚህ ብክነት አንዱ ትልቅ ምክንያት፣ ማጉያው አብዛኛውን ጊዜ የማያስፈልገውን አቅም ይዞ እንዲጠብቅ መገደዱ ነው።

ምን እንደሚጠብቅ ለመረዳት 4ጂ መረጃ ከሚልክበት ዘዴ እንነሳ። ዘዴው ኦኤፍዲኤም ይባላል። ፈጣኑን የመረጃ ጅረት በአንድ ሞገድ ላይ ከመጫን ይልቅ ዝግ ብለው በሚጓዙ ብዙ ቀጫጭን ሞገዶች ላይ ያከፋፍለዋል። 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ባለው የ4ጂ ቻናል ውስጥ እነዚህ ሞገዶች 1,200 ናቸው። ከሕንፃና ከተራራ ተንጸባርቆ ዘግይቶ የሚደርሰው የሞገዱ ቅጂ ፈጣኑን ጅረት ያምሰዋል፤ ዝግተኞቹን ግን እምብዛም አይጎዳቸውም። ዘዴው የተመረጠው በዚህ ነው።

ዕዳው የሚመጣው 1,200ዎቹ ሲደመሩ ነው። በአንድ አዳራሽ 1,200 ሰው እያንዳንዱ በራሱ ምት ያጨብጭብ እንበል። የሚሰማው ያልተቋረጠ ጫጫታ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ማንም ሳያዝዝ ብዙ እጆች አንድ ላይ ይገጥሙና አዳራሹ ዷ! ይላል። ሞገዶቹም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ሲወጣ ሌላው እየወረደ አብዛኛውን ጊዜ ይቻቻላሉ፤ አንዳንዴ ግን ብዙዎቹ በአንድ ቅጽበት ከፍ ይሉና ድምራቸው ጫፍ ያወጣል። የዚህ ጫፍ ጉልበት የአማካዩ ስንት እጥፍ ነው የሚለውን መሐንዲሶች ፒኤፒአር ብለው ይጠሩታል።

ሁሉም አንድ ላይ ቢገጥሙ ጫፉ የአማካዩ 1,200 እጥፍ ይሆናል፤ ይህ በተግባር የሚጠበቅ አይደለም። 10 እጥፍ ግን ይመጣል። ስሌቱ ከ22,000 ናሙና አንዱ ገደማ ይህን ልክ እንደሚያልፍ ያሳያል። ብርቅ ይመስላል። ሆኖም መሣሪያው በሰከንድ 30.72 ሚሊዮን ናሙና ስለሚያመነጭ፣ ይህ ብርቅ ነገር በሰከንድ 1,400 ጊዜ ያህል ይከሰታል።

ማጉያው ያን ጊዜ ምን ይሆናል? በሰርግ ድንኳን ውስጥ የድምፅ ማጉያው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ዘፋኙ ድምፁን ሲያነሳ ስፒከሩ የሚንጫረረውን ያስታውሱ። የሬዲዮ ማጉያም እስከ አንድ ልክ ድረስ የገባለትን በእኩል ያሳድጋል፤ ከዚያ በላይ ጉልበት ያጥረውና ጫፉን ይደፈጥጠዋል። ከድፍጠጣው ማንም ያላስገባቸው አዳዲስ ሞገዶች ይፈለፈላሉ፤ ከተመደበላቸው ቻናል አልፈውም የጎረቤቱን ይወርራሉ። የ4ጂ ደንብ ከማማው ወደ አጎራባች ቻናል የሚፈሰው ጉልበት ከዋናው 30,000ኛ ገደማ እንዳይበልጥ ያዛል፤ በሙያው ቋንቋ 45 ዲሲቤል መሆኑ ነው።

ቀላሉ መፍትሔ ትልቅ ማጉያ መግዛት ነው፤ ዋጋው ግን በየሰዓቱ ይከፈላል። በአማካይ 40 ዋት የሚልክ ማማ እንውሰድ። 10 እጥፍ ጫፍ ለመሸከም 400 ዋት የሚችል ማጉያ ያስፈልገዋል። ክላስ ቢ የሚባለው ማጉያ በወረቀት ላይ እንኳ በዚህ ሁኔታ ከሚበላው ወደ አየር የሚያወጣው 28 በመቶ ያህሉን ነው፤ ስለዚህ 40 ለመላክ 140 ዋት ገደማ ይበላል። ጫፉን ወደ 5 እጥፍ ብናወርደው 200 ዋት የሚችል ማጉያ ይበቃል፤ የሚወጣው ወደ 40 በመቶ ያድግና ፍጆታው ወደ 100 ዋት ይወርዳል። በጄኔሬተር በሚሠራ ማማ ላይ ይህ ልዩነት በናፍጣ ይቆጠራል። (አሜሪካዊው ዊልያም ዶኸርቲ በ1936 በቤል ላብስ የፈለሰፈው፣ ሁለት ማጉያ አጣምሮ አንዱን ለጫፍ ብቻ የሚቀሰቅስ ዘዴ ብክነቱን ይቀንሳል፤ ዛሬም በማማዎች ላይ በሰፊው ይሠራል። የጫፉን ከፍታ ግን አይነካውም።)

እዚህ ላይ ነው መከርከም የሚመጣው፤ በሙያው ክሊፒንግ ይሉታል። ሐሳቡ ድፍረት አለበት፦ ማጉያው ሞገዱን ከሚያበላሸው እኛው ቀድመን እናበላሸው። ማጉያው ካበላሸው ጥፋቱ ወደ አየር ወጥቷል፤ እኛ ስናበላሸው ግን ሞገዱ ገና ቁጥር ነው፣ ሊጠረግ ይችላል።

ሥራው እንዲህ ነው። ጉልበቱ 5 እጥፍ እንዲሆን ከፍታው ከአማካዩ 2.24 እጥፍ እንዳያልፍ ወሰን ይደረጋል። ከፍታው 3 የሆነ ናሙና ሲመጣ አቅጣጫው ሳይነካ ወደ 2.24 ይወርዳል። ከወሰኑ በታች ያለውን ማንም አይነካውም። ቆረጣው ስለታም በመሆኑ እሱም ወደ ጎረቤት የሚፈስ ትርፍ ሞገድ ይፈጥራል፤ ስለዚህ ወዲያው በማጣሪያ ያልፋል። አስቸጋሪው ነገር፣ ማጣሪያው የተቆረጠውን ስለሚያለሰልሰው ጫፉ መልሶ ማቆጥቆጡ ነው። ስለዚህ ይቆረጣል፣ ይጣራል፣ እንደገና ይቆረጣል፤ ጥቂት ዙር ያስፈልጋል። በስለታም ቆረጣ ፈንታ፣ አስቀድሞ የተጣራ ትንሽ ሞገድ ልክ ጫፉ ላይ አሳርፎ የሚቀንስም ዘዴ አለ።

ማጣሪያ ግን ከቻናሉ ውጭ ያለውን እንጂ ውስጥ የቀረውን ጥፋት አያጸዳም። ይህ ጥፋት የሚታየው በነጥቦች ነው። እያንዳንዱ ቀጭን ሞገድ መረጃውን የሚሸከመው በሰሌዳ ላይ ከተደረደሩ 4፣ 16፣ 64 ወይም 256 ነጥቦች አንዱን በመጠቆም ነው፤ ክርከማው ጥቆማውን ከቦታው ያዛንፈዋል። ደንቡ በ64 ነጥብ እስከ 8 በመቶ መዛነፍ ይፈቅዳል፤ በ256 ግን 3.5 በመቶ ብቻ። በ5 እጥፍ ስንከረክም የሚመጣው መዛነፍ 2 በመቶ ገደማ ነው፣ ለሁለቱም ያልፋል። ስስት ይዞን ወደ 4 እጥፍ ብንወርድ 4 በመቶ ይደርሳል፤ 64 ምንም አይሆንም፣ 256 ግን ወደቀ። ከተፈቀደው ላይ ማጉያውና ሌሎቹ ክፍሎችም የየራሳቸውን ድርሻ ስለሚወስዱ፣ ክርከማ ብቻውን ሁሉንም ሊጨርሰው አይገባም።

ከክርከማው ቀጥሎ፣ የማጉያውን ጠባይ አጥንቶ ሞገዱን በተቃራኒው አስቀድሞ የሚያጣምም ፕሮግራም ይሠራል። እሱ የሚያቃናው ማጉያው መሸከም የሚችለውን ነው፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ጫፍ ማዳን አይችልም። ሁለቱ አብረው የሚሄዱት ለዚህ ነው።

ስልካችን ሌላ መንገድ ይከተላል። 4ጂ ሲነደፍ ከስልክ ወደ ማማ የሚላከው መረጃ በቀጫጭኖቹ ሞገዶች ላይ ከመጫኑ በፊት አንድ ተጨማሪ ስሌት እንዲያልፍ ተደረገ፤ ድምሩም እንደ አንድ ሞገድ ሆኖ ጫፉ ዝቅ ይላል። ባትሪ ስለሚቆጥብ 5ጂም ይህን አማራጭ ይዞታል። ዲቪቢ-ቲ2 የሚባለው የዲጂታል ቴሌቪዥን ስርጭት ደግሞ ከሞገዶቹ 1 በመቶ ያህሉን መረጃ ሳይጭን ጫፍ ለመሰረዝ ብቻ እንዲጠቀምባቸው ይፈቅዳል።

ማማው ሲታመም ቴክኒሻኑ የሚያየው ሁለት ሥዕል ነው። በስፔክትረም አናላይዘሩ ላይ ቻናሉ ጠፍጣፋ አናት እንዳለው አምባ ይታያል። ከአምባው ግራና ቀኝ ትከሻ ካወጣ፣ ማጉያው ከአቅሙ በላይ እየተገፋ ወይም ማቃኛው ፕሮግራም ከልኩ ወጥቶ ነው። ትከሻው ዝቅ ብሎ ሳለ ነጥቦቹ እንደ ደመና ካበጡ ግን፣ ክርከማው በዝቶ ሊሆን ይችላልና ማጉያውን ከማስወረዱ በፊት ወሰኑን ጥቂት ከፍ አድርጎ ደመናው ሲጠብብ ያይ እንደሆነ ይሞክራል።