በጥግ ላይ ያሉ ስድስት ባዶ ቦታዎች

የጎ ጨዋታ ሰሌዳ 19 በ19 መስመሮች አሉት። ጠጠር የሚቀመጠው በአራት ማዕዘኖቹ ውስጥ ሳይሆን መስመሮቹ በሚገናኙባቸው 361 ነጥቦች ላይ ነው። አንዴ የተቀመጠ ጠጠር ወዲያ ወዲህ አይልም፤ ወይ እዚያው ይቆያል ወይ ተበልቶ ይነሳል። ስለዚህ በጎ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው፣ የተከበበ ቡድን ይኖራል ወይስ ይሞታል የሚለው ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ጠጠር በመስመር ተያይዞ አጠገቡ ያለው ባዶ ነጥብ መተንፈሻው ነው፤ እርስ በርስ የተያያዙ ጠጠሮች መተንፈሻቸውን ይጋራሉ፤ የመጨረሻው መተንፈሻ በተቃራኒው ጠጠር ሲዘጋ ሁሉም ይበላሉ። ማንም የራሱን ጠጠር መተንፈሻ በሌለበት ቦታ ማስቀመጥ አይችልም፣ በዚያው ጊዜ የሌላውን ካልበላ በቀር። ከዚህ የመጨረሻ ደንብ ነው የቡድን ሕይወት የሚመነጨው። አንድ ቡድን በውስጡ ሁለት የተለያዩ ባዶ ቦታዎች ካሉት ጠላት አንዱን ሲዘጋ ሌላው መተንፈሻ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መዝጋት ደግሞ አይቻልም። እነዚህ ቦታዎች ዓይን ይባላሉ። ሁለት ዓይን ያለው ቡድን ሊገደል አይችልም።

ችግሩ የሚመጣው ዓይኖቹ ገና ሳይለዩ ነው። በጨዋታ መሃል ቡድኑ ያለው አንድ ያልተከፋፈለ ባዶ ቦታ ነው፤ ከዚያ ቦታ ሁለት ዓይን ይወጣል ወይስ አይወጣም ብሎ አስቀድሞ መፍረድ የተጫዋቹ ሥራ ነው። ሦስት ባዶ ነጥብ በቀጥታ መስመር ከሆነ ተራው ይወስናል፦ ተከላካዩ መሃሉን ከያዘ ሁለት ዓይን አገኘ፣ አጥቂው ከቀደመው ሞተ። አራት ነጥብ በቀጥታ መስመር ከሆነ ይኖራል፣ ምክንያቱም አጥቂው ከመሃለኞቹ አንዱን ሲይዝ ተከላካዩ ሌላውን ይይዛል። አራቱ በሁለት በሁለት እንደ ካሬ ከተደረደሩ ግን ተከላካዩ ቢቀድምም ይሞታል። የነጥቡ ብዛት ብቻውን ምንም አይነግርም።

በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ስድስት ነጥቦች፣ ሦስት በሁለት፣ በሰሌዳው ጎን ወይም መሃል ላይ ከሆኑ ይኖራሉ። ይህን ብዙ ጀማሪ ከተማረ በኋላ በልበ ሙሉነት ይዞ ይጫወታል። ያው ስድስት ነጥብ የሰሌዳው ጥግ ላይ ሲሆን ግን ሦስት የተለያዩ ፍርዶች አሉት፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀውም የቡድኑን ሆድ በማየት ሳይሆን ውጭውን በመቁጠር ነው። በጥግ ላይ ካሉት ቅርጾች ሁሉ በደንብ ሊጠና የሚገባው ይህ ነው፣ ምክንያቱም በእውነተኛ ጨዋታ ደጋግሞ ይመጣል፣ ከውጭ ሲታይም ሰፊና አስተማማኝ ይመስላል።

አንባቢው በካሬ ወረቀት ላይ የግራውን የታች ጥግ ይሳል። ዓምዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ ብሎ፣ ረድፎቹን ከታች ወደ ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ይሰይም። የጥጉ ነጥብ ሀ1 ነው። ነጭ በሀ3፣ ለ3፣ ሐ3፣ መ3፣ መ2 እና መ1 ስድስት ጠጠሮች አሉት፤ እነዚህ ሁሉ የተያያዙ አጥር ናቸው። አጥሩ የከለላቸው ባዶ ነጥቦች ሀ1፣ ለ1፣ ሐ1 ከታች፣ ሀ2፣ ለ2፣ ሐ2 ከላይ ናቸው። ጥቁር ከውጭ ከቧል፣ ተራውም የእሱ ነው።

ከአጥሩ ውጭ ነጩን የሚነኩ ሰባት ነጥቦች አሉ፦ ሀ4፣ ለ4፣ ሐ4፣ መ4፣ ሠ3፣ ሠ2፣ ሠ1። ጥያቄው ከእነዚህ ስንቱ ገና ባዶ ነው የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ሰባቱም በጥቁር የተዘጉ ናቸው እንበል። ጥቁር ለ2 ላይ ይገባል። ነጭ ግራና ቀኙን ለመለየት ከሥሩ ለ1ን ይይዛል። ጥቁር ሀ2ን ይጨምራል። አሁን ለነጭ ዓይን የሚገባው እርምጃ ሐ2 ነው፤ ሐ1ን ዓይን ያደርጋል፣ ቀጥሎም ሀ1 ላይ ገብቶ ሁለቱን ጥቁር ጠጠሮች ሊበላ ነው። ግን ሐ2 ከአጥሩ ጋር ሲያያዝ የመላው አጥር መተንፈሻ ሐ1 ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ለ1 ያለው ጠጠር ከአጥሩ የተቆረጠ ስለሆነ አይረዳም። ጥቁር ሐ1 ላይ ይገባና ሰባት ጠጠሮችን በአንድ ጊዜ ያነሳል። ነጭ ይህን አይቶ በሐ2 ፈንታ ሐ1ን ቢመርጥ፣ ጥቁር ሐ2ን ይሞላል፤ ነጭ ሀ1 ላይ ሦስቱን ይበላል፣ ግን በበላው ፈንታ የቀረለት በቀጥታ መስመር ያሉ ሦስት ነጥቦች ናቸው፣ ጥቁርም ተመልሶ መሃሉን፣ ለ2ን፣ ይይዛል። በዚህም በዚያም ነጭ ሞቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ነጭ የሞተው ባዶ ቦታ አጥቶ አይደለም። ዓይኑን የሚሠራበት ነጥብ ነበረው፤ ያጣው እዚያ ነጥብ ላይ ጠጠር ሲያስቀምጥ የሚተነፍስበት ትርፍ ነው። ከውጭ አንድ መተንፈሻ ቢኖረው ሐ2 በሰላም ይቀመጥ ነበር፣ ጥቁርም ሐ1 ላይ መግባት አይፈቀድለትም ነበር።

እንግዲያው ከሰባቱ የውጭ ነጥቦች አንዱ ባዶ ነው እንበል። ጥቁር የቀደመውን መንገድ ቢከተል ይከሽፋል፦ ለ2፣ ለ1፣ ሀ2፣ ሐ2፣ ከዚያ ጥቁር የውጩን ነጥብ ሲዘጋ ነጭ ሀ1 ላይ ሁለቱን በልቶ ሁለት ዓይን ያገኛል። ስለዚህ አጥቂው መግቢያውን መቀየር አለበት። ጥቁር አሁን የሚጀምረው ከታች፣ ከለ1 ነው። ነጭ ለ2ን ይይዛል። ጥቁር ወደ ሐ1 ይዘረጋል።

ነጭ ሐ2ን በመዝጋት ቢመልስ ጥቁር ሀ1ን ይጨምርና በታችኛው ረድፍ ሦስት ጠጠር ያደርጋል፤ ነጭ በሀ2 ቢበላቸውም ጥቁር መልሶ ለ1ን ይይዛል፣ ቡድኑም ይሞታል። ያለው ብቸኛ መልስ ጥጉ ራሱ፣ ሀ1 ነው። ጥቁር ሀ2 ላይ ይገባል። የጥጉ ነጥብ ጎረቤቶች ሁለት ብቻ ስለሆኑ፣ ሀ2ና ለ1 ሲያዙ የነጩ ጠጠር ይበላል። በጎን ወይም በመሃል ሰሌዳ ላይ ይህ አይሆንም ነበር፤ ጥጉን ልዩ የሚያደርገው ይኸው የመተንፈሻ እጥረት ነው።

ነጭ ሀ1 ላይ መልሶ ሀ2 ያለውን ጥቁር ሊበላ ይችላል፣ ግን ወዲያውኑ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች አንድ አንድ ጠጠር እየተበላሉ ያለ ማቋረጥ እንዳይቀጥሉ ሕጉ ይከለክላል፦ የተበላበት ወገን ሰሌዳውን ወደ ቀድሞው መልክ የሚመልስ እርምጃ ከመውሰዱ በፊት ሌላ ቦታ መጫወት አለበት። ይህ ኮ ይባላል። ነጭ በሌላ የሰሌዳው ክፍል ጥቁር ችላ ሊለው የማይችለውን አደጋ ይደቅናል፣ ጥቁር ሲመልስለት ነጭ ተመልሶ ሀ1 ላይ ይበላል፤ ከዚያ የማስፈራራቱ ተራ ወደ ጥቁር ይዞራል። ነጭ ሀ1ን ይዞ ሐ2ን ለመጫወት ጊዜ ካገኘ ለ1ና ሐ1 ያሉትን ሁለት ጥቁሮች በልቶ ይኖራል።

ነጭ ኮውን ትቶ በቀጥታ ሐ2ን ቢጫወትስ? ያን ጊዜ ሀ1 ላይ ሦስቱንም ጥቁሮች ሊበላ ይዝታል። ግን ሐ2 ሲሞላ የአጥሩ መተንፈሻ ያ አንዱ የውጭ ነጥብ ብቻ ነው። ጥቁር ይዘጋውና ሁሉን ያነሳል።

ሦስተኛው ሁኔታ ከዚህ ይወጣል። ከውጭ ሁለት ነጥቦች ባዶ ከሆኑ እርምጃዎቹ እስከ ሀ2 ድረስ ያው ናቸው፣ ነጭ ግን ኮ መጫወት አያስፈልገውም። ሐ2ን በእርጋታ ይይዛል። ጥቁር አንዱን የውጭ ነጥብ ይዘጋል፤ አንዱ ገና ክፍት ነው። ሀ1ን ራሱ ሊሞላም አይችልም፣ መተንፈሻ የለውምና። ነጭ ሀ1 ላይ ገብቶ ሦስቱን ይበላል፣ ሀ2 አንድ ዓይን፣ ለ1ና ሐ1 ሌላ ዓይን ይሆናሉ። ነጭ ኖረ። ከውጭ ሁለትና ከዚያ በላይ ካለ ይኖራል፣ አንድ ካለ ኮ ነው፣ ምንም ከሌለ ይሞታል።

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ተለይተው እንዲፈቱ ማዘጋጀት በምሥራቅ እስያ የቆየ ሥራ ነው። ጃፓኖች ጹሜጎ ይሏቸዋል። ኢኖዌ ዶሴጹ ኢንሴኪ በ1713 ያዘጋጀው ስብስብ እስከ ዛሬ ለባለሙያዎች እንኳ ከባድ ሆኖ ይቆጠራል፤ ሃያሺ ገንቢ በ1812 ያወጣው ደግሞ በብዛቱ የሚታወቅና ዛሬም የሚጠና ነው። በእነዚህ ስብስቦች ውስጥ ጥያቄው ራሱ መልስ እንዳለው ይነግራል። በጨዋታ ላይ ግን ማንም ሰው አሁን አስብ አይልም፤ ቡድኑ መቼ አደጋ ላይ እንደወደቀ ተጫዋቹ በራሱ ማስተዋል አለበት።

የስድስቱ ነጥብ ቅርጽ የሚያጠምደው በዚህ ነው። ነጭ ከውጭ ሦስት መተንፈሻ ይዞ ጥቁር አንዱን ቢዘጋ መልስ አያሻም፤ ሁለት ቀርተዋል። ጥቁር እንደገና ሌላውን ሲዘጋ ያው ዓይነት እርምጃ ይመስላል፣ ነጭም ችላ ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ግን በዚህች ሁለተኛ ጠጠር የቡድኑ ፍርድ ተቀይሯል፤ ከሕይወት ወደ ኮ ወርዷል። ጥቁር ሦስተኛውንም ከዘጋ ኮውም ይቀራል፣ በለ2 የሚጀምረው መንገድ ይከፈታል። ለነጭ ማዳኛው ቀላል ነው፣ ራሱ ለ2ን ቀድሞ መያዝ፤ ከውጭ አንድም መተንፈሻ ባይኖረው እንኳ ያ አንድ ጠጠር ያኖረዋል።

ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ያንን ጠጠር መቼ እንደሚያስቀምጡ የሚወስኑት ኮውን ቆጥረው ነው። ከውጭ አንድ መተንፈሻ ሲቀር ነጭ በሰሌዳው ላይ ከጥቁር የበለጡ ማስፈራሪያዎች ካሉት፣ ለ2ን ሳይጨምር በሌላ ትልቅ ቦታ አንድ እርምጃ መቅደም ይችላል። ማስፈራሪያው ካነሰው፣ ወይም ጥጉ ሲበላ አጠገቡ ያለ ሌላ ደካማ ቡድኑ አብሮ የሚወድቅ ከሆነ፣ ሌላውን ትቶ ለ2ን ይይዛል። የውጩ መተንፈሻ ጨርሶ ሲዘጋ ግን የሚቆጠር ማስፈራሪያ የለም፤ በዚያው ተራ ለ2ን ካልያዘ፣ ስድስቱ ነጥቦች ከስድስቱ የአጥር ጠጠሮች ጋር የጥቁር ናቸው።