የሀዋሳ እኩለ ቀን

ሀዋሳ ላይ ፀሐይ የመጨረሻ ከፍታዋ ላይ የምትደርሰው ልክ በቀኑ 6 ሰዓት አይደለም፤ በአማካይ 26 ደቂቃ ዘግይታ ነው። ከተማዋ የምትጠቀምበት ሰዓት የተቀመረው ከእርሷ በስተምሥራቅ ርቆ ለሚገኝ ቦታ ስለሆነ ነው።

መሬት በ24 ሰዓት አንድ ዙር፣ ማለትም 360 ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ 15 ዲግሪ የአንድ ሰዓት፣ አንድ ዲግሪ ደግሞ የ4 ደቂቃ ልዩነት ያመጣል። ቀድሞ እያንዳንዱ ከተማ ሰዓቱን በራሱ ፀሐይ ይሞላ ነበር፤ ባቡር ሲመጣ ግን ይህ አላዋጣም። በ1884 እ.ኤ.አ. የ25 አገሮች ልዑካን ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው በለንደን አጠገብ በግሪንዊች የሚያልፈው መስመር የኬንትሮስ መነሻ እንዲሆን ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ዓለምን በየ15 ዲግሪው በሰዓት ቀጠና መክፈል እየተለመደ ሄደ።

ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ትቀድማለች። የዚህ ቀጠና አማካይ መስመር 45 ዲግሪ ሲሆን፣ የሚያልፈውም በሶማሌ ክልል በወርዴር አቅራቢያ ነው። ሀዋሳ ያለችው ግን 38 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው። የ6 ዲግሪ ተኩሉ ልዩነት በ4 ሲባዛ 26 ደቂቃ ይሆናል። ማረጋገጥ የፈለገ ሐይቁ ዳር ቀጥ ያለ ዘንግ ተክሎ ጥላው በጣም የሚያጥርበትን ደቂቃ ይመዝግብ። በየካቲት መጀመሪያ 6:40 ገደማ፣ በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ 6:10 ገደማ ያገኛል። መሬት ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነና ዛቢያዋም ስላዘመመ ውጤቱ በ26 ደቂቃ ዙሪያ ወዲያና ወዲህ ይላል።

በስሌቱ ብቻ ብንሄድ የሁለት ሰዓትና የሦስት ሰዓት ቀጠናዎች ወሰን 37 ዲግሪ ተኩል ላይ ይውላል። መስመሩ አርባ ምንጭን ታክኮ ያልፍና ጅማንና ጋምቤላን ከሀዋሳ በአንድ ሰዓት ይለያቸዋል። አገሪቱ ግን በአንድ ሰዓት መተዳደርን መርጣለች። ዋጋው ቀላል ነው፤ ጅግጅጋ ላይ እኩለ ቀን በአማካይ 6:09፣ ጋምቤላ ላይ 6:42 ይሆናል። የመሥሪያ ቤት በር ግን በሁለቱም ከተሞች በተመሳሳይ ሰዓት ይከፈታል። በእኔ እምነት ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ቀጠና የሚወስነው መንግሥት በመሆኑ ነው በዓለም ላይ እንግዳ የሚመስሉ ሰዓቶች የበዙት። ሕንድ በሁለት ቀጠናዎች መካከል ያለውን 82 ዲግሪ ተኩል መርጣ በ5 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ቻይና ሰፊ ግዛቷን በሙሉ በቤጂንግ ሰዓት ስለምታስተዳድር፣ ምዕራብ ጫፍ ባለችው ካሽጋር እኩለ ቀን የሚሆነው ወደ 9 ሰዓት ገደማ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ የተበታተነችው ኪሪባቲ ደግሞ ምሥራቃዊ ደሴቶቿ ከዋና ከተማዋ በቀን ይለዩ ስለነበር፣ መሥሪያ ቤቶቿ በሳምንት በጋራ የሚሠሩባቸው ቀናት አራት ብቻ ነበሩ። በ1995 እ.ኤ.አ. ደሴቶቹን ወደ አንድ ቀን አመጣቻቸው፤ የሩቆቹ ደሴቶች ሰዓትም ከግሪንዊች በ14 ሰዓት የሚቀድም ሆነ። ዛሬ በዚያ ባለችው ኪሪቲማቲ ደሴትና በሃዋይ ሰዓቱ አንድ ነው፤ ቀኑ ግን ይለያያል።