የጥያ ሌሊት ለምን ይቀዘቅዛል?
የውሃ ተን፣ በረዶና ራሱን የሚያጎላው ሙቀት

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጥያ በብዙዎች ዘንድ የምትታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በሰፈሩት የጥንት ትክል ድንጋዮቿ ነው። ለፊዚክስ ተማሪ ግን እነዚህ ድንጋዮች ሌላም የሚያስተምሩት ነገር አላቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሲግሉ የዋሉት ድንጋዮች ጎህ ሲቀድ ቢነኩ እጅን ያቀዘቅዛሉ። በጉራጌ ደጋማ ቦታዎች ውርጭ የእንሰቱን ቅጠል የሚያቃጥለውም በዚሁ ወቅት ነው። በመስከረም ማለቂያ ላይ ግን ሰማዩ ፍጹም ጥርት ያለበት ሌሊት እንኳ ያን ያህል አይበርድም። የሌሊቱ ርዝመት ነው እንዳንል፣ ጥያ ወደ ምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ በሁለቱ ወቅቶች መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ዋናው መልስ በአየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ተን ነው። መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት በዓይን በማይታይ ታሕተ ቀይ ጨረር አማካይነት ወደ ሕዋ ትለቃለች። ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይህን ጨረር ያለ ከልካይ ያሳልፉታል። የውሃ ተን ግን አብዛኛውን ይውጠውና ከፊሉን መልሶ ወደ መሬት ይረጨዋል። ክረምቱ ገና በወጣበት በመስከረም አየሩ ተን ስለማይጎድለው ይህ የመልስ ጨረር ብርቱ ነው። በበጋ ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ግን ተኑ ስለሚመናመን መሬት ሙቀቷን በነፃነት ታጣለች። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ተኑ የማይታይ ጋዝ መሆኑን ነው፤ ደመና የሚባለው ተኑ ወደ ጠብታነት ከተለወጠ በኋላ የምናየው ነገር ነው። ደመናም ሌሊቱን ያሞቃል፤ ስለዚህ ከላይ ያነጻጸርነው ሁለት ደመና አልባ ሌሊቶችን ነው።

የጥያን ሌሊት ከመላው ዓለም የአየር ንብረት ጋር የሚያገናኘው አንድ ቀላል ሕግ አለ። አየር ሊሸከም የሚችለው የተን መጠን በሙቀቱ ይወሰናል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ተን ሊይዝ ይችላል፤ በ0 ዲግሪ ግን 5 ግራም እንኳ አይሞላም። በአማካይ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር የመሸከም አቅሙ በመቶ 7 ገደማ ያድጋል። እንግዲህ አየሩ በሌላ ምክንያት ጥቂት ቢሞቅ ብዙ ተን ይይዛል። የጨመረው ተን ደግሞ ብዙ ጨረር ይውጥና አየሩን ይበልጥ ያሞቀዋል። ውጤቱ ተመልሶ ምክንያቱን ስለሚያጠናክረው ሳይንቲስቶች ይህን ዑደት አጉሊ ግብረ መልስ ይሉታል።

ተኑ ይህን ያህል ኃይለኛ ከሆነ ዋናው ተጠያቂ እርሱ አይደለምን? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ የተን ሞለኪውል በአየር ውስጥ የሚቆየው በአማካይ 10 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ብዙ ተን ወደ ሰማይ ብንለቅ እንኳ ሙቀቱ እስካልጨመረ ድረስ ትርፉ ወዲያው ይዘንባል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በምድር ላይ ባለው ሙቀት ጠብታ ሆኖ አይወርድም፤ ከፊሉ ለዘመናት በአየር ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ሙቀቱን የሚያስጀምረው ካርቦኑ ሲሆን ተኑ ተከትሎ ያጎላዋል።

የማጉላቱን መጠን በቀላል ስሌት እንየው። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆንና ሌላ ነገር ሁሉ ባይለወጥ ምድር በ1.2 ዲግሪ ገደማ ትሞቃለች። ተኑ ይህን ሙቀት ተከትሎ ግማሽ ያህሉን ይጨምራል እንበል፤ ይህም 0.6 ዲግሪ ነው። ይህ 0.6 ደግሞ በተራው 0.3 ይጨምራል፤ እርሱም 0.15 ያስከትላል። ጭማሪው በየዙሩ እያነሰ ሄዶ ድምሩ 2.4 ላይ ይቆማል። ዑደት ስለሆነ ብቻ ሙቀቱ ያለ ገደብ ያድጋል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ነገር ግን የበረዶውና የደመናው ግብረ መልስ ተደምሮ ከግማሽ ወደ 0.6 ብንወጣ ድምሩ 3 ይሆናል፤ 0.7 ቢሆን ደግሞ 4 ይደርሳል። በግብረ መልሱ ግምት ላይ የምትታይ ትንሽ ልዩነት በውጤቱ ላይ ሰፊ ልዩነት ታመጣለች። ተመራማሪዎች ቁርጥ ያለ አንድ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ የሚል ወሰን የሚያስቀምጡትም በዚህ የተነሣ ነው። ከሁሉም አስቸጋሪው የደመናው ድርሻ ነው።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ያለ ስሌት ብቻ እንዳይመስል ተፈጥሮ ራሷ ያካሄደችውን ሙከራ እንመልከት። በሰኔ 1991 እ.ኤ.አ. በፊሊፒንስ የሚገኘው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ወደ ላይኛው ከባቢ አየር የወጣው የሰልፈር ጋዝ የፀሐይን ብርሃን በከፊል ስለጋረደ ምድር በተከታዩ ዓመት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ቀዘቀዘች። ግብረ መልሱ እውነት ከሆነ አየሩ ሲቀዘቅዝ ተኑም መቀነስ ነበረበት፤ ሳተላይቶችም ልክ ይህንኑ መዘገቡ። ብራያን ሶደንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የኮምፒዩተር ሞዴል ወስደው የተኑን ግብረ መልስ አጠፉት። ያን ጊዜ ሞዴሉ ያሳየው ቅዝቃዜ በእርግጥ ከታየው አነሰ። ግብረ መልሱን ሲመልሱት ግን ስሌቱና ልኬታው ተቀራረቡ። በእኔ ግምት በዚህ ጉዳይ ላይ ከቀረቡት ማስረጃዎች እንደዚህ ግልጽ የሆነ ጥቂት ነው።

የበረዶው ዑደት በመልኩ ለየት ይላል። በአገራችን ዛሬ የበረዶ ግግር የለም፤ በባሌ ተራሮች ላይ ግን በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግግር እንደነበረ የተዋቸው የድንጋይ ክምሮች ይመሰክራሉ። ዛሬ ዑደቱ በጉልህ የሚታየው በሰሜን ዋልታ ውቅያኖስ ላይ ነው። አመዳይ የለበሰ የባሕር በረዶ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን በመቶ 80 ያህሉን ይመልሳል። በረዶው ቀልጦ ሲገለጥ ጠቆር ያለው ባሕር ግን በመቶ ከ90 በላይ ይውጣል። የተዋጠው ሙቀት ቀጣዩን በረዶ ያቀልጣል። እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ በመስከረም ወር የሚቀረው የዋልታ በረዶ ስፋት በየአሥር ዓመቱ በመቶ 12 ገደማ ቀንሷል። ለመላው ዓለም ሲታሰብ ግን የበረዶው ድርሻ ከተኑ በእጅጉ ያንሳል፤ ዋልታው ጠባብ ነው፣ ፀሐዩም ደካማ ነው። ተኑ ግን በምድር ሁሉ ላይ ይሠራል፤ ጥያም ላይ ሳይቀር።

ታዲያ የጥያ የበጋ ሌሊት እየሞቀ ይሄዳልን? በአገር አቀፍ ደረጃ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ከፍ እያለ መምጣቱን የሜትዎሮሎጂ መዝገቦች ያሳያሉ። ሆኖም ሁሉንም ለተኑ መስጠት ስሕተት ነው፤ ካርቦኑ ራሱ፣ ደመናውና የመሬት አጠቃቀም ለውጥም ድርሻ አላቸው። በተጨማሪም የመሸከም አቅም ማደግ ማለት ተኑ በእርግጥ ይገኛል ማለት አይደለም። ውቅያኖስ ላይ ውሃ ሞልቷል፤ በየብስ ላይ ግን አፈሩ ሲደርቅ አየሩ የሚችለውን ያህል አያገኝም። ውርጩ ቢቀንስ ገበሬው ይጠቀም ይሆናል፤ ነገር ግን የተጠማው አየር ከማሳው የሚስበው እርጥበት ይበዛል።

ጉዳዩን በራሱ ሊፈትሽ የሚወድ ተማሪ ሁለት ቴርሞሜትሮች ይበቁታል፤ የአንደኛው ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል። ፀሐይ ስትጠልቅ የሁለቱን ልዩነት፣ ንጋት ላይ ደግሞ የደረቁን ንባብ ብቻ ይመዝግብ። አየሩ በደረቀ መጠን የምሽቱ ልዩነት ይሰፋል፤ እስከ ንጋት የሚወርደው ሙቀትም እንዲሁ። ደመና ያለበትንና ነፋስ የበረታበትን ሌሊት ከመዝገቡ ማውጣት አለበት፤ ያለዚያ የሚለካው ተኑን ሳይሆን ደመናውንና ነፋሱን ይሆናል።