ከምርጫ ካርድ በፊት የሚነበቡት ጥቂት ቃላት

ለብቸና እና ለሞጣ ወጣቶች የሚዘጋጅ የመራጮች ምዝገባ መፈክር ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ግሡ ላይ ነው። «ምረጡ» የሚለው ወጣቱን ወደ ድምፅ መስጫው ቀን ይመራዋል፤ ያልተመዘገበ ሰው ግን በዚያ ቀን ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ ትክክለኛው ግሥ «ተመዝገቡ» ነው። «ተመዝገብ» ሴቶችን ያስቀራል፣ ብዙ ቁጥሩ ግን ሁሉንም ይጠራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዕድሜ ነው። በምርጫ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ 18 ዓመት መሙላት ያለበት በምዝገባው ዕለት ነው። በ2013 ዓ.ም. ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ቀን ነበር፤ ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ፣ ሰኔ መግቢያ ላይ 18 የሞላው ወጣት ለድምፅ መስጫው ቢደርስም ለምዝገባው አልደረሰም። «ዘንድሮ 18 ለሚሞላችሁ» የሚል መፈክር እንዲህ ያለውን ወጣት በከንቱ ያመላልሰዋል።

ሕጉ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርንም ይጠይቃል። ከገጠር መጥቶ ሞጣ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ተማሪ «በአቅራቢያችሁ» ከሚለው ይልቅ «በምትኖሩበት» የሚለው ይሻላል፤ ዝርዝሩ ከመፈክሩ ሥር በትንሽ ፊደል ይገባል።

የገለልተኝነት ፈተናው ከሚጠበቀው በላይ ረቂቅ ነው። «ብልጽግና»፣ «እናት»፣ «ነፃነት»፣ «እኩልነት» የዘወትር ቃላት ቢሆኑም በፓርቲ ስሞች ውስጥ አሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሚያመልጠው ደረቁ አማራጭ ነው፦ «18 ሞልቷችኋል? በምትኖሩበት ተመዝገቡ።»